የማይታወቅ ወርሃዊ ክፍያ፦ ለባንክ የሚጻፈው ደብዳቤ ምን ይበል?

ክሬዲት ካርድ ላይ በአንድ ጊዜ 900 ዶላር ቢቆረጥ ማንም ሰው ወዲያው ስልክ ያነሳል። 14 ዶላር ከ99 ሳንቲም ግን በቤንዚኑና በአስቤዛው መሀል ተሸሽጋ ወራት ታልፋለች። አሜሪካ የሚኖር ሰው በስቴትመንቱ ላይ እንዲህ ያለ የማያውቀው የሰብስክሪፕሽን ክፍያ ሲያገኝ አብዛኛውን ጊዜ ለባንኩ ደውሎ «ተሰርቄአለሁ» ይላል። ካርዱ ይቀየርለታል፤ እሱም ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ይሁንና ቪዛና ማስተርካርድ የተቀየረን የካርድ ቁጥር ለደንበኛው ለሚያስከፍለው ድርጅት የሚያሳውቁበት አሠራር አላቸው። የተዘረጋው ካርዱ ሲታደስ የመብራትና የስልክ ክፍያ እንዳይቋረጥ ቢሆንም፣ ያልፈለጉት ክፍያም በዚያው መንገድ ተከትሎ ወደ አዲሱ ካርድ ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ ከስልኩ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል። በ1974 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለክሬዲት ካርድ ባለቤት የሰጠው መብት ሙሉ በሙሉ የሚጸናው በጽሑፍ ሲያመለክቱ ነው። ስልክ ክፍያውን ለማስቆም ይረዳል፤ ባንኩን በቀነ ገደብ የሚይዘው ግን ጽሑፉ ነው።

ከመጻፍዎ በፊት ግን ስሙን ያጣሩ። ስቴትመንት ላይ የሚታየው ስም ብዙ ጊዜ የአገልግሎቱ ስም አይደለም። ስልክ ላይ የተጫነ መተግበሪያ APPLE.COM/BILL በሚል ስም ሊያስከፍል ይችላል፤ PAYPAL * ወይም SQ * ብሎ የሚጀምርም አለ፤ እነዚህ ገንዘቡን የሚያስተላልፉት ናቸው እንጂ ሻጩ አይደሉም። ከስሙ ጎን ስልክ ቁጥር ካለ ይደውሉ። ኢሜይልዎ ውስጥ መጠኑን፣ ማለትም 14.99ን፣ ይፈልጉ። ልጆችዎንና የትዳር አጋርዎንም ይጠይቁ፤ «የማይታወቀው» ክፍያ የልጅ ጨዋታ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ካጣሩም በኋላ ካልታወቀ ደብዳቤው ምን እንደሚል መወሰን አለበት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። «አልፈቀድኩም» ማለትና «ሰርዣለሁ፣ ግን መቁረጡን አላቆመም» ማለት ሁለት የተለያዩ ክሶች ናቸው። የተመዘገቡት ራስዎ ሆነው ሳለ «ተሰርቄአለሁ» ካሉ፣ ድርጅቱ የእርስዎን ኢሜይል፣ የተመዘገቡበትን መሣሪያና የገቡበትን ቀን ያቀርባል፤ ባንኩም ጥያቄዎን ይዘጋል። መሰረዝዎን የሚያሳይ ኢሜይል ቢኖርዎት እንኳ በተሳሳተ ክስ ውስጥ ዋጋ ያጣል። እውነቱ «አላውቀውም» ከሆነ ደግሞ ሕጉ ሦስተኛ በር ከፍቷል፤ የካርዱ ባለቤት ስለ አንድ ክፍያ ማብራሪያና የሰነድ ማስረጃ መጠየቁ ራሱ በሕጉ እንደ ሒሳብ ስህተት አቤቱታ ይቆጠራል። በእኔ አስተያየት ለማይታወቅ ሰብስክሪፕሽን ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው፤ ያልሆነውን ሳይምሉ ባንኩን ሥራ ያስገባሉና።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ነርስ ስቴትመንቷ በየወሩ በ25ኛው ቀን ይወጣል እንበል። ኖቬምበር 3 ቀን ቁጭ ብላ ስታየው ጁን 6 አንድ ዶላር፣ ከዚያ ከጁላይ እስከ ኦክቶበር በየወሩ በ6ኛው ቀን 14.99 ዶላር ተቆርጧል፤ ድምሩ 60.96 ዶላር። በመጀመሪያ የታየችው አንድ ዶላር ፍንጭ ናት፤ ወይ የሙከራ ጊዜ ምዝገባ ነው፣ ወይ ሌባ ካርዱ እንደሚሠራ የፈተነበት ነው።

ቀነ ገደቡ 60 ቀን ነው። የሚቆጠረው ክፍያው መጀመሪያ የታየበት ስቴትመንት ከተላከበት ቀን ጀምሮ ሲሆን፣ ደብዳቤው በዚያ ጊዜ ውስጥ ባንኩ ዘንድ መድረስ አለበት፤ ፖስታ ቤት መግባቱ አይበቃም። የኦገስት 25ቱ ስቴትመንት ጊዜ ኦክቶበር 24 አልፏል። የሴፕቴምበር 25ቱ ግን እስከ ኖቬምበር 24 ይቆያል። ስለዚህ ሁለቱ የመጨረሻ ክፍያዎች፣ ማለትም 29.98 ዶላር፣ በዚህ መንገድ ይያዛሉ። የቀረው 30.98 ዶላርም ጨርሶ አልጠፋም። ያለፈቃድ የተደረገ ክፍያን የሚመለከተው ሌላው የሕጉ ክፍል ይህን የ60 ቀን ገደብ አይዝም፤ ካርዱ ሳይታይ በቁጥሩ ብቻ በኢንተርኔት ለተፈጸመ ያልተፈቀደ ግዢም የካርዱ ባለቤት ምንም እንዲከፍል አይደረግም። ያ የሚሠራው ግን በእርግጥ ያልተፈቀደ ከሆነ ብቻ ነው።

ደብዳቤዋ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ይዘቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም፦

«ሙሉ ስሜና የሒሳብ ቁጥሬ ከላይ ተጽፏል። ሴፕቴምበር 25 እና ኦክቶበር 25 በወጡት ስቴትመንቶች ላይ ያሉትን ሁለት የ14.99 ዶላር ክፍያዎች፣ በድምሩ 29.98 ዶላር፣ እንደ ሒሳብ ስህተት እቃወማለሁ። ድርጅቱን አላውቀውም፤ ለዚህ ክፍያ ፈቃድ እንደሰጠሁም አላውቅም። የምዝገባውን ቀን፣ የተመዘገበበትን ኢሜይልና የፈቃዱን ማስረጃ ቅጂ እንድትልኩልኝ፣ ማስረጃ ከሌለም ገንዘቡ እንዲመለስ እጠይቃለሁ። ከጁን 6 እስከ ኦገስት 6 የተቆረጠው 30.98 ዶላርም በዚሁ ድርጅት ስለሆነ አብሮ ይመርመር። ከዛሬ ጀምሮ ይህ ድርጅት ከካርዴ እንዲያስከፍል አልፈቅድም፤ ካርዴ ቢቀየርም አዲሱ ቁጥር አይሰጠው።»

ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ድካሟ፣ ስለ ባንኩ ንዝህላልነት አንድ ቃል የለም። ከስቴትመንቶቹ ቅጂ ጋር በአደራ ደብዳቤ፣ የመድረሻ ፊርማ ተጠይቆበት ይላካል። አድራሻውም ወርሃዊ ክፍያ የሚላክበት ሳይሆን፣ ስቴትመንቱ ላይ ለሒሳብ ጥያቄዎች ተብሎ ለብቻው የተጻፈው ነው። ይህን የማያዩ ብዙዎች ደብዳቤያቸውን ቼክ ወደሚሰበሰብበት ይልኩና ቀናቸው ያልፋል።

ደብዳቤው ከደረሰ ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ መቀበሉን ማሳወቅ፣ በሁለት የሒሳብ ዙር፣ ቢበዛ በ90 ቀን ደግሞ ምርመራውን መጨረስ አለበት። እስከዚያ ድረስ ነርሷ 29.98 ዶላሩን ላለመክፈል መብት አላት፤ ባንኩም በዚያ ሰበብ ለክሬዲት መዝጋቢዎች ስሟን አያጠፋም። የቀረውን ዕዳ ግን በቀኑ መክፈል አለባት። ባንኩ «ክፍያው ትክክል ነው» ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል፣ ስትጠይቅም የሰነዱን ቅጂ ያቀርባል። እሷም የተመዘገበውን ኢሜይል ስታይ የራሷ መሆን አለመሆኑን ያኔ ታውቃለች።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለክሬዲት ካርድ ነው። በዴቢት ካርድ ሌላ ሕግ ይሠራል። በስልክ ማመልከት ይቻላል፤ ባንኩ ግን በ10 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ሊጠይቅዎ ይችላል። ምርመራው ከ10 የሥራ ቀን ካለፈ ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን በጊዜያዊነት መልሶ ምርመራውን ይቀጥላል። ስቴትመንቱ ከተላከ 60 ቀን ካለፈ በኋላ ለሚቆረጠው ያልተፈቀደ ገንዘብ ግን ኃላፊነቱ ወደ እርስዎ ሊዞር ይችላል። ከሁሉም በላይ ክሬዲት ካርድ ላይ የሚከራከሩት ገና ባልከፈሉት ዕዳ ነው፤ በዴቢት ካርድ ግን ገንዘቡ ከሒሳብዎ ወጥቷል፣ የቤት ኪራዩም ቼክ በዚያው ሳምንት ሊመለስ ይችላል። ነፃ ሙከራ ለሚባል ነገር ሁሉ የዴቢት ካርድ ቁጥርዎን አይስጡ።