የትሪው ማዕዘን የሚበላሸው ላሜራው ሳይታጠፍ ነው

ላሜራ አጥፎ ትሪ መሥራት ሲነሣ፣ ማዕዘኑ ላይ የምትበሳው ትንሽ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ እንደ ትርፍ ሥራ ትቆጠራለች። መቀሱ ሁለቱ የእጥፋት መስመሮች እስከሚገናኙበት ነጥብ ከቆረጠ ይበቃል ይባላል። እኔ አይበቃም እላለሁ፤ ምክንያቱም ላሜራ በመስመር ላይ አይታጠፍም። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ላሜራ የውስጥ ራዲየሱ 1 ሚሊሜትር ሆኖ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ፣ ወደ 2.3 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠባብ ቀበቶ አብሮ ይጎብጣል። ማዕዘኑ ላይ ሁለት እንዲህ ያሉ ቀበቶዎች ይሻገራሉ፤ መሻገሪያቸው ላይ የምትቀረው ትንሽ አራት ማዕዘን በአንድ ጊዜ ወደ ሁለት አቅጣጫ እንድትጎብጥ ትገደዳለች። ስለማትችል ወደ ውጭ ታብጣለች፣ ወይም ከመቀሱ ሹል ጫፍ ተነሥታ ትሰነጠቃለች። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ግድግዳዎቹ በስኳድራ ሲለኩ ቀጥ ብለው ሳለ ትሪው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ይወዛወዛል። የዚያች አራት ማዕዘን ሰያፍ ርዝመት 3.2 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ፣ መስመሮቹ መገናኛ ላይ የሚበሳ 4 ሚሊሜትር ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ያነሣታል። ቀዳዳው አስቀድሞ ይበሳል፤ መቀሱም እስከ ቀዳዳው ብቻ ይቆርጣል።

ቀዳዳው ዘይት ያፈስሳል የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። የብሎን ማስቀመጫ ትሪ ላይ ግድ የለም፤ ዘይት የሚይዝ ከሆነ ግን ማዕዘኑ ይበየዳል። ያልተበሳው ማዕዘንም ቢሆን ግድግዳዎቹ ከመገጣጠሚያቸው ስለሚያፈስሱ ብየዳው አይቀርለትም። ብየዳ የማይፈለግ ከሆነ ማዕዘኑን ሳይቆርጡ እንደ ፖስታ አጥፎ ግድግዳው ላይ መለጠፍ ይቻላል፤ ያ ግን ሌላ አሠራር ነው።

የጠርዙ ቅልብስም የሚታሰበው ከዚሁ ጋር ነው። ቅልብሱ ግድግዳው ከመቆሙ በፊት ማሽኑ እስከቻለው ድረስ ይታጠፋል፤ ከዚያ በመያዣው ሥር ገብቶ ይደፈጠጣል። ወደ ውስጥ የተቀለበሰ ጠርዝ ጎን ካለው ቅልብስ ጋር እንዳይጋጭ ጫፎቹ በ45 ዲግሪ ይቆረጣሉ። 300 በ200 በ40 ሚሊሜትር የውጭ ልክ ላለው ትሪ፣ ከቅልብሱ በፊት ያለው ርዝመት 380 አይደለም፤ እያንዳንዱ እጥፋት ወደ 1.7 ሚሊሜትር ስለሚተርፍለት 376.6 ነው። ራዲየሱ ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ፣ 100 ሚሊሜትር ቁራጭ አጥፎ የሁለቱን እግሮች የውጭ ልክ መደመር ይሻላል፤ ከ100 በላይ የመጣው የዚያ ማሽን ትርፍ ነው። አጭሮቹ ግድግዳዎች መጀመሪያ ይቆማሉ። ረጅሞቹን ለማጠፍ መያዣው ተነጣጥሎ የሚገጠም መሆን አለበት፤ አንድ ወጥ ከሆነ የቆሙት ግድግዳዎች ይጋጩታል። በሁለቱ ቅልብሶች መካከል የሚቀረው 296 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ የሚገጠሙት ቁራጮች በድምር ከ295 አይበልጡ፤ አለዚያ ከታጠፈ በኋላ ትሪው ከማሽኑ አይወጣም።