ብርሃን ከጎን ሲመጣ፦ ማት፣ ኤግሼል ወይስ ግሎስ?

የልጆቼን ክፍል መጀመሪያ ያስቀባሁት በሚያብረቀርቅ ቀለም ነበር። ልጅ ግድግዳ ያቆሽሻል፣ የሚያብረቀርቅ ቀለም ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል ብዬ ነው። ሥራው ያለቀ ዕለት ማታ በአምፖል ብርሃን ሳየው ክፍሉ እንደታጠበ ሳህን ያበራ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አጠገቡ ያለውን ግድግዳ ከጎን ስትዳስሰው ግን ያልነበረ ጉድ ሁሉ ታየኝ። ጀሶ የተጠጋገነበት ቦታ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ተቆፍሮ የተደፈነበት ቦይ፣ የለሳኙ እጅ የዞረበት ክብ ሳይቀር አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ቀቢውን አስጠራሁት። ዕድሜውን በዚህ ሥራ ያሳለፈ ሰው ነው። ግድግዳውን በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አደረገና «እህቴ፣ ቀለሙ ምንም አልሆነም። የግድግዳውን ገበና ነው ያወጣብሽ» አለኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ መብራቱን አበራና ጠርዙን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ወደ ጎን አበራው። ጠዋት ፀሐይዋ ያሳየችኝን ሁሉ መልሶ አሳየኝ። «ይሄንን ከመቀባታችን በፊት ብናደርገው ኖሮ ሌላ ቀለም ትመርጪ ነበር» አለ። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቀለም ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህችን የመብራት ፍተሻ ነው። የቀለሙ ዓይነት ከመመረጡ በፊት፣ ሲመሽ መጋረጃውን ዘግቶ፣ መብራቱን ከግድግዳው ጎን አስጠግቶ ማየት ነው።

ነገሩ የሚገባን ቀለም ከምን እንደሚሠራ ስናውቅ ነው። በቆርቆሮው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ውሃው ወይም ማሟሟያው ተኖ ሲያልቅ ግድግዳው ላይ የሚቀረው በዋናነት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ዱቄት ነው፤ መልክ የሚሰጠውና እንደ ኖራ ድንጋይ ያለ መሙያው። ሌላው ዱቄቱን እርስ በርሱና ከግድግዳው ጋር የሚይዘው ማጣበቂያ ነው። ጭኮን አስቡት። ገብሱ በዝቶ ቅቤው ሲያንስ ላዩ ደረቅና ፈዛዛ ይሆናል፤ ቅቤው ሲበዛ ደግሞ ዱቄቱ ይሰምጥና ላዩ ይወዛል። ቀለምም እንዲሁ ነው። ማት የምንለው ዱቄቱ የበዛበት ነው። ጥቃቅን የዱቄት ቅንጣቶች ከማጣበቂያው በላይ ብቅ ብቅ ስለሚሉ ላዩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ስለዚህ ጉብታና ስርጉዱን ዓይን አይለየውም። ግሎስ ማጣበቂያው የበዛበት ነው። ላዩ እንደ መስታወት ስለሚለሰልስ ብርሃኑን ሳይበትን በአንድ አቅጣጫ ይመልሰዋል፤ ትንሽ ጉብታ ስትኖር የሚመለሰው ብርሃን አቅጣጫ ይለወጥና ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

የማት ድክመትም የሚመጣው ከዚያው ዱቄት ነው። በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት የእጅ ወዝና የምግብ ዘይት ይጠጣል። ቆሻሻውን ለማስለቀቅ አጥብቀን ስንፈትገው ደግሞ ብቅ ያሉት ቅንጣቶች ይስተካከሉና ያ ቦታ ብቻ ያብረቀርቃል። የመብራት ማጥፊያ ዙሪያ፣ ከአልጋ ራስጌ በላይ ወይም ከሶፋ ጀርባ የምናየው የሚያብለጨልጭ ጥላ ብዙ ጊዜ እንዲህ የመጣ ነው። ቆሻሻው ለቆ እንኳን ምልክቱ ይቀራል።

ኤግሼል በሁለቱ መካከል ነው። ስሙ የእንቁላል ቅርፊት ማለት ነው፤ ስሙን ለመረዳት አንድ እንቁላል ወደ መስኮት ወስዶ ማየት ይበቃል። ፊት ለፊት ሲያዩት ፈዛዛ ነው፤ ዘንበል አድርገው በጎን ሲያዩት ለስላሳ ብርሃን ይይዛል። ፋብሪካዎች ይህን በመሣሪያ ይለኩታል። ብርሃን በ60 ዲግሪ ተልኮ ምን ያህሉ እንደሚመለስ ይታያል። በሰሜን አሜሪካ በሚሠራበት አንድ ደረጃ መሠረት ማት ከ5 ነጥብ አይበልጥም፣ ኤግሼል ከ10 እስከ 25 ነው፣ ግሎስ ከ70 በላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ግን በስሙ ብቻ መተማመን አይቻልም። አንዱ ፋብሪካ ሲልክ የሚለውን ሌላው ሰሚ ግሎስ ይለዋል፤ ኤግሼል የሚለውን ስም ጭራሽ የማይጠቀምም አለ። ስለዚህ ባለሱቁን ስም ከመጠየቅ ይልቅ የተቀባ ናሙና አሳየኝ ማለት ይሻላል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። መታጠብ መቻልና ማብረቅረቅ አንድ ነገር አይደሉም። በአውሮፓ ደረጃ የተሠሩ የውስጥ ቀለሞች በእርጥብ መፈተግ ምን ያህል እንደሚችሉ ተፈትነው ከ1 እስከ 5 ክፍል ይሰጣቸዋል፤ ጠንካራው 1 ነው። ክፍል 1 ማለት 200 ጊዜ ተፈትጎ ከውፍረቱ 5 ማይክሮሜትር እንኳን ያልተላጠ ማለት ነው። ማት ሆኖ ክፍል 1 ወይም 2 የሆነ ቀለም አለ፤ ዋጋው ከፍ ይላል እንጂ። ቆርቆሮው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካልተጻፈ ራሳችን መፈተሽ እንችላለን። ቁራጭ ጣውላ ላይ ሁለት ጊዜ ቀብቶ ሦስት አራት ሳምንት ማቆየት ነው። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ሲነኩት በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል፤ እስኪጠነክር ግን ሳምንታት ይፈጅበታል። ከዚያ በረጠበ ነጭ ጨርቅ ሃምሳ ጊዜ ያህል መፈተግ። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ወይም የተፈተገው ቦታ ካብረቀረቀ ለልጅ ክፍል አይሆንም።

ለልጆቼ ክፍል በሁለተኛው ጊዜ ያደረግነው እንዲህ ነው። ክፍሉ 3 ሜትር በ3.20 ነው፤ ቁመቱ 2.60። ግድግዳውን ከወለሉ 1.20 ሜትር ላይ ለሁለት ከፈልነው። ልጆች የሚነኩት፣ የሚደገፉበት፣ የሚስሉበት ከዚያ በታች ያለውን ነው። የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ግድግዳ ከታች የዘይት ቀለም የሚቀባው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ ግን የዘይት ቀለም ትተን ከታች ኤግሼል፣ ከላይ ማት አደረግን፤ መልኩ አንድ ነው። ብርሃን ከጎን የሚመታው የመስኮቱ ግድግዳ ከታች እንደገና ስቱኮ ተደረገለት፤ ከላይ ያለውን ጉብታ ማቱ ሸፈነው። የታችኛው ክፍል በሩ ሲቀነስ 14 ካሬ ሜትር ያህል ነው፣ የላይኛው መስኮቱም ሲቀነስ 15። አንድ ሊትር ለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ ጊዜ ሲቀባ 10 ካሬ ያህል ስለሚሸፍን፣ ሁለት ጊዜ ለመቀባት ከእያንዳንዱ 3 ሊትር በቃ። ከኤግሼሉ ግማሽ ሊትር ጨምረን ገዝተን አስቀምጠናል። ማት ሲጫር ያችኑ ቦታ በብሩሽ ነካ ማድረግ ይቻላል፤ ኤግሼል ግን ሲጠገን ጥገናው በጎን ሲያዩት ይለያል፤ ስለዚህ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለውን ሙሉ ግድግዳ መቀባት ግድ ሊሆን ይችላል። የተቀመጠው ከዚያው ምርት ከሆነ ደግሞ መልኩ አይለያይም።

ማድ ቤት ውስጥ ጠላታችን የቁሌት ቅባት ነው። ሽንኩርቱ በዘይት ሲቁላላ ዓይን የማያየው የዘይት ጤዛ ተነስቶ ከምድጃው በላይ ያርፋል፤ አቧራ ይይዝና ቡናማ ይሆናል። ማት እዚህ በጭራሽ አይሆንም። ለግድግዳው ኤግሼል፣ ከምድጃው ጀርባ ሴራሚክ ከሌለ ደግሞ ሰሚ ግሎስ ይስማማል። ከቀለሙ ምርጫ በላይ የሚወስነው ግን ዝግጅቱ ነው። ቅባት ያለበት ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ሸሽቶ ነጠብጣብ ይሠራል፣ ቢይዝም ከወራት በኋላ ይላጣል። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በሞቀ ውሃ አጥቦ፣ በንጹህ ውሃ አለቅልቆ፣ አድርቆ ውሃ ረጨት ማድረግ ነው። ውሃው ከተዘረጋ ቅባቱ ለቋል፤ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ገና ነው።

ኮርኒስ ማት ነው። ማንም አይነካውም፤ ብርሃን ደግሞ ሁልጊዜ ከመስኮት በጎን ነው የሚያገኘው። የመጨረሻው ቅብ ላይ ሮለሩን ከመስኮቱ ጀምሮ ብርሃኑ በሚሄድበት አቅጣጫ ማስኬድ መስመር እንዳይታይ ይረዳል። የማድ ቤትና የመታጠቢያ ቤት ኮርኒስ ብቻ ይለያል፤ እንፋሎት ስለሚጠጣና ሻጋታ ስለሚያወጣ እዚያ የሚታጠብ ኤግሼል ይሻላል።

በር፣ የበር ክፈፍና ዞኮሎ ጫማ፣ መጥረጊያና የእጅ ወዝ ስለሚበዛባቸው ግሎስ ወይም ሰሚ ግሎስ ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ችግሩ ከሥር ያለው አሮጌ ቀለም ነው። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም አሮጌ የዘይት ግሎስ ላይ እንዲሁ ከተቀባ በጥፍር ይላጣል። ከሥር ያለው ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥጥ አልኮል ነክሮ መፈተግ ነው፤ ጥጡ ቀለም ከያዘ በውሃ የሚበጠበጥ ነው፣ ምንም ካልያዘ የዘይት ነው። የዘይቱ ከሆነ አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ የሚይዝ ፕራይመር ከተቀባ በኋላ ነው አዲሱ የሚቀባው። ፍቀቱ ግን በደረቁ መሆን የለበትም። አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራው ደግሞ ከማንም በላይ የሚጎዳው ወለል ላይ እየዳኸ እጁን ወደ አፉ የሚያደርገውን ሕፃን ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ከዚያ በፊት የተቀቡ በሮች ግን ዛሬም በየቤታችን አሉ። ስለዚህ ልጆቹን ከቤት አውጥቶ፣ ወለሉን በላስቲክ ሸፍኖ፣ ወረቀቱንም በሩንም እያረጠቡ መፋቅ፣ ዝቃጩንም በእርጥብ ጨርቅ ለቅሞ መጣል ያስፈልጋል።

ነጭ የዘይት ግሎስ ብርሃን በማያገኝበት ቦታ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል፤ ከቁም ሳጥን ጀርባ ያለው ዞኮሎ ይህን ያሳያል። በውሃ የሚበጠበጠው ግሎስ እንዲህ አይቀየርም፤ የእሱ ችግር ሌላ ነው። እኛ ቤት በሩን በተቀባ ማግስት ልጁ ዘጋው። ማታ ስንከፍተው ቀለሙ ከክፈፉ ጋር ተጣብቆ ኖሮ የአውራ ጣት ያህል ቦታ ተላጥቶ ቀረ። ደረቀ ብለን የነካነው ቀለም ገና አልጠነከረም ነበር። ሁለተኛ ስንቀባው በሩን አንድ ሳምንት ሙሉ ክፍት ተውነው፤ እንዳይዘጋም የልጁን ጫማ ከሥሩ አደረግንበት።