ርቀትና ዳገት ከካርታ ላይ እንዴት ይለካሉ?

የካርታ መስፈርት በካርታው ላይ ያለ ርቀት በመሬት ላይ ስንት እጥፍ እንደሚሆን ይናገራል። 1፡50,000 ተብሎ የተጻፈ መስፈርት በካርታው ላይ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነው ነገር በመሬት ላይ 50,000 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 500 ሜትር መሆኑን ይገልጻል። በ1፡250,000 ካርታ ላይ ያው 1 ሳንቲ ሜትር 2.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ማንኛውም ልኬት ከመጀመሩ በፊት በካርታው ግርጌ የተጻፈው መስፈርት ይነበባል።

የኮንቱር መስመር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያገናኛል። ሸለቆው እስከ 2,400 ሜትር ድረስ በውሃ ቢሞላ የውሃው ዳርቻ የሚያርፍበት ቦታ የ2,400 ሜትር ኮንቱር ነው። በሁለት ተከታታይ መስመሮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በአንድ ካርታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይለወጥም፤ መጠኑም በካርታው ግርጌ ይጻፋል። ልዩነቱ 20 ሜትር ከሆነ፣ የተጠጋጉ መስመሮች አቀበቱ መክበዱን፣ የተራራቁ መስመሮች ደግሞ መሬቱ ለጥ ማለቱን ያሳያሉ። ቆጠራውን ለማቅለል በብዙ ካርታዎች ላይ አምስተኛው መስመር ሁሉ ደመቅ ብሎ ይሣላል፤ ከፍታውም ይጻፍበታል።

አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በ1፡50,000 ካርታ ላይ አንድ መንደር በ2,400 ሜትር ኮንቱር ላይ ይገኛል። በተራራው ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ2,760 እና በ2,780 ሜትር መስመሮች መካከል ስለሆነ ከፍታው ወደ 2,770 ሜትር ይገመታል። በማስመሪያ ሲለካ በሁለቱ መካከል 3.7 ሳንቲ ሜትር አለ። ይህ በ500 ሲባዛ 1,850 ሜትር ይሆናል። የከፍታው ልዩነት 370 ሜትር ነው። 370 ለ1,850 ሲካፈል 0.2 ይመጣል፤ በመቶ ሲገለጽ 20 ማለት ነው። በሌላ አነጋገር፣ በየ100 ሜትሩ አግድም ርቀት መሬቱ በአማካይ 20 ሜትር ከፍ ይላል። በማዕዘን ሲታይ ወደ 11 ዲግሪ ገደማ ነው።

ከካርታው የተገኘው 1,850 ሜትር አግድም ርቀት ነው እንጂ በዳገቱ ላይ የተለካ አይደለም። ሆኖም ዳገቱን ተከትሎ ቢሰላ 1,887 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ልዩነቱ 37 ሜትር ብቻ ነው። ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው የመንገዱ መጠምዘዝ ነው። የእግር መንገዱ ላይ ክር ተጋድሞ በየመታጠፊያው ከተከተለ በኋላ ተዘርግቶ ሲለካ 5.2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ መንገዱ 2,600 ሜትር ይረዝማል። የመንገዱ አማካይ ዳገት ደግሞ ወደ 14 በመቶ ይወርዳል። በገደላማ ቦታ መንገድ የሚጠመዘዘውም ለዚሁ ነው።

አማካይ ቁጥር ግን ክፉውን ቦታ ይደብቃል። በዚሁ ምሳሌ በቀጥታው መስመር ላይ ከ2,640 እስከ 2,760 ሜትር ያሉት ኮንቱሮች በ0.5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ታጭቀው ቢገኙ፣ በ250 ሜትር ርቀት 120 ሜትር ይወጣል ማለት ነው፤ ይህም 48 በመቶ ነው። ስለዚህ መስመሮቹ መጠጋጋትና መራራቅ በጀመሩበት ቦታ ሁሉ ጉዞውን ከፋፍሎ ማስላት ይሻላል። በመሃል ሸለቆ ካለም ወርዶ መውጣቱ ለብቻው ይቆጠራል፤ የመነሻና የመድረሻ ከፍታ ብቻ ከተነጻጸረ ይህ ድካም በስሌቱ ውስጥ አይታይም። ኮንቱሮች በወንዝ ላይ ሲያልፉ ሹል ሆነው የሚታጠፉት ወደ ወንዙ መነሻ ስለሆነ፣ ሸለቆው በዚህ ይለያል።

ስሌቱን ወደ ሰዓት ለመቀየር ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ኔይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ ይጠቅማል። ደንቡ ዛሬ በሜትር ሲነገር ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይሰጣል። በምሳሌው ለ2.6 ኪሎ ሜትር 31 ደቂቃ፣ ለ370 ሜትር ሽቅብ 37 ደቂቃ፣ በድምሩ 68 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ዕረፍትንና ከባድ ሸክምን አያካትትም።

ልኬቱ የሚሳሳትባቸው ቦታዎችም አሉ። በ1፡50,000 ካርታ ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ስሕተት በመሬት ላይ 50 ሜትር ነው። ካርታው ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ወደ 80 በመቶ ካነሰ 1 ሳንቲ ሜትር 500 ሳይሆን 625 ሜትር ይወክላል፤ በቁጥር የተጻፈው መስፈርት ግን እንደነበረ ስለሚቀር ያሳስታል። አብሮ የሚያንሰው በመስመር የተሣለው መስፈርት ስለሆነ በቅጂ ላይ የሚታመነው እሱ ነው። ከሁሉ በላይ፣ የኮንቱር ልዩነቱ 20 ሜትር በሆነበት ካርታ ላይ የ15 ሜትር ገደል በሁለት መስመሮች መካከል ገብቶ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ካርታ አካሄድን ለማቀድ ይበቃል፤ እግር የሚያርፍበትን ቦታ ግን ዐይን ማየት አለበት።