እንፋሎቱ የሚታይ ወጥ፦ ለምግብ ፎቶግራፍ የሚጻፍ ፕሮምፕትና የአማርኛ የቃላት ቅደም ተከተል

ጽሑፍ ተቀብሎ ምስል ለሚያመነጭ ፕሮግራም የሚሰጠው መግለጫ ፕሮምፕት ይባላል። ይህ ጽሑፍ አንድ ፕሮምፕት ብቻ ይመረምራል፤ የተፈለገው ምስል በእንጨት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ እንፋሎት የሚወጣበትና ከጎን ብርሃን ያረፈበት የዶሮ ወጥ ነው። ምስሉ ለሥዕላዊ መዝገበ ቃላት ቢታሰብ ከፍቺው አጠገብ ስለሚቀመጥ፣ የምስሉ ስሕተት የፍቺ ስሕተት ይሆናል።

አማርኛ ተናጋሪ ጥያቄውን በአንድ ሐረግ ቢጽፈው የሚከተለውን ይመስላል፦ «ከግራ በኩል በሚገባ የመስኮት ብርሃን የደመቀ እንፋሎት የሚወጣበት በእንጨት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የዶሮ ወጥ»። ሐረጉ ሰዋስዋዊ ነው። በአማርኛ ገላጭ ከተገላጭ ስለሚቀድም፣ የሐረጉ መሪ የሆነው «ወጥ» የመጨረሻው ቃል ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የመጀመሪያው ስቴብል ዲፊዩዥን ጽሑፍን የሚያነበው ክሊፕ በተባለ ሞዴል ነው። ክሊፕ ጽሑፉን ቶክን ወደሚባሉ ቅንጣቶች ይከፋፍላል፤ የመነሻና የመድረሻ ምልክቶች ሲቀነሱ የሚቀበለው 75 ቶክን ብቻ ነው። ብዙ የተለመዱ የእንግሊዝኛ ቃላት እያንዳንዳቸው አንድ ቶክን ናቸው። የግእዝ ፊደል ግን በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ስለሚይዝ እስከ ሦስት ቶክን ሊወስድ ይችላል። ከላይ ያለው ሐረግ 55 ፊደላት አሉት። ፊደሉ ሦስት ቶክን ከወሰደ ንባቡ በ25ኛው ፊደል፣ ማለትም «እንፋሎት» ከሚለው ቃል «እን» ላይ ያበቃል። ሁለት ቢወስድ እንኳ «በእንጨት» መካከል ላይ ይቆማል። በተለመደው አሠራር ትርፉ ስለሚቆረጥ፣ በሁለቱም ስሌት «የዶሮ ወጥ» አይነበብም። በእንግሊዝኛ መጨረሻ ላይ የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ገላጭ ነው፤ በአማርኛ የሚቆረጠው የተጠየቀው ነገር ራሱ ነው። መሪውን ስም አስቀድሞ ገላጮቹን በአጫጭር ሐረጎች ማስከተል ጉዳቱን ይቀንሳል። ሆኖም ክሊፕ የሠለጠነው በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ በመሆኑ፣ የተነበበው አማርኛም እምብዛም ትርጉም አይሰጠውም። በዚህ ሞዴል የሚሠራ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መሻገሩ አይቀርም።

በመሻገሩ ጊዜ ሦስት ቃላት ጥንቃቄ ይሻሉ። የመጀመሪያው «ትኩስ» ነው። ትኩስነት በእጅና በምላስ የሚታወቅ እንጂ በዓይን የሚታይ ባሕርይ አይደለም፤ ቃሉም ለትኩስ ወተትና ለትኩስ ወሬ ጭምር ያገለግላል። በፕሮምፕት ውስጥ የሚያስፈልገው የሚታየው ምልክት ስለሆነ «ነጭ እንፋሎት ወደ ላይ ሲወጣ» ተብሎ ይጻፋል።

ሁለተኛው «ጎን» ነው። ክብ ወጪት የራሱ ግራና ቀኝ ስለሌለው «ከግራ» የሚባለው ከተመልካቹ አንጻር ነው፤ አቅጣጫው ካልተጠቀሰ ምርጫው ለፕሮግራሙ ይቀራል። ብርሃኑና እንፋሎቱም የተያያዙ ናቸው። እንፋሎት ሆኖ የሚታየን ብርሃን የሚበትን የደቃቅ ጠብታዎች ስብስብ ነው። ብርሃኑ ከጎን ወይም ጥቂት ከኋላ ሲመጣና የጀርባው ገጽ ጨለማ ሲሆን ጎልቶ ይታያል፤ ብርሃኑ ከፊት ሲመጣና ጀርባው ነጭ ሲሆን ይጠፋል። ስለዚህ «የጎን ብርሃን» ሲጻፍ «ጨለማ ጀርባ» አብሮ መጻፍ አለበት።

ሦስተኛው «ወጥ» ራሱ ነው። የእንግሊዝኛው «ስቲው» ካሮትና ድንች የተቆራረጠበትን ቀጭን መረቅ ሊያስከትል ይችላል። የዶሮ ወጥ ግን በብዙ ቁሌት ሽንኩርትና በበርበሬ የወፈረ፣ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ሙሉ የተቀቀለ እንቁላል ያለበት ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ በቃሉ ውስጥ የተጠቀለለው ይህ ሁሉ ተዘርዝሮ መጻፍ አለበት፦

```
doro wat, thick dark red sauce, one whole boiled egg,
black clay bowl, dark wooden table, white steam rising,
dark background, window light from the left, food photo
```

«ካሮት የሌለበት» ብሎ መጨመር አይመከርም። ክሊፕ አሉታን በሚገባ ስለማይለይ፣ የተጠራው ካሮት ራሱ ሊመጣ ይችላል፤ የማይፈለገው ነገር ለአሉታዊ ፕሮምፕት በተለየው ሳጥን ውስጥ ይጻፋል።

ምስሉ ሲወጣ መጀመሪያ እንቁላሉን መመልከት ይጠቅማል። ብርሃኑ በእርግጥ ከግራ ከሆነ የእንቁላሉ ግራ ይደምቃል፣ ቀኙ ቀስ በቀስ ይጠቁራል፤ የወጪቱም ጥላ በጠረጴዛው ላይ ወደ ቀኝ ይወድቃል። እንቁላሉ በሁለቱም ወገን እኩል ከደመቀ ወይም ጥላው ወደ ግራ ከወደቀ የብርሃኑ ትእዛዝ አልተፈጸመም። እንፋሎቱም ከወጡ ላይ መነሣት አለበት፤ ከጠረጴዛው ወይም ከወጪቱ ጎን ከተነሣ ፕሮግራሙ ሁለቱን አላያያዘም ማለት ነው።

ሁሉም ቢሟላ እንኳ ምስሉ የመስክ ማስረጃ አይሆንም። የሚያሳየው የጠየቅነውን እንጂ አንድ ማኅበረሰብ ወጥን በምን እንደሚያቀርብ አይደለም። የእንጨት ጠረጴዛውን ያመጣነው እኛ ነን፤ በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ምስሉ ሲገባ ተናጋሪዎች «ወጥ» ሲሉ የሚያስቡት መሶብና እንጀራ ከሥዕሉ እንደጎደሉ በግርጌው መገለጽ ይኖርበታል።