መኪናው የመሥሪያ ቤቱ፣ ግብሩ የሠራተኛው

እስራኤል ውስጥ የመሥሪያ ቤት መኪና የተሰጠው ሠራተኛ በወሩ መጨረሻ የደመወዝ ወረቀቱን፣ ትሉሹን፣ ሲያይ ግር ይለዋል። ያልተጣራው ደመወዝ ከፍ ብሏል፤ ባንክ የገባው ገንዘብ ግን አንሷል። ምስጢሩ «ሾቪ ሬኸብ» የሚለው መስመር ነው፤ መኪናው የሚሰጠው ጥቅም በገንዘብ ሲተመን ማለት ነው። ሕጉ ይህን ጥቅም እንደ ደመወዝ ይቆጥረዋል።

ከ2010 ጀምሮ ለተመዘገበ መኪና ስሌቱ ቀላል ነው፤ የመኪናው ዋጋ በ2.48 በመቶ ይባዛል፣ የሚገኘውም የአንድ ወር ግምት ነው። ዋጋ የሚባለው መኪናው ሲመዘገብ የነበረው ይፋዊ ዋጋ እንጂ አሠሪው በቅናሽ የገዛበት ወይም ዛሬ ገበያ ላይ የሚያወጣው አይደለም። ስለዚህ መኪናው ቢያረጅም ግምቱ አብሮት አይወርድም።

በ2025 ወር በወር 14,000 ሼኬል የሚያገኝ ሠራተኛ 150,000 ሼኬል የሚያወጣ የቤንዚን መኪና ተሰጠው እንበል። ግምቱ 3,720 ሼኬል ነው። ግብር የሚታሰበው በ17,720 ላይ ይሆናል። እስከ 16,150 ድረስ ያለው 2,150 ሼኬል 20 በመቶ፣ የተረፈው 1,570 ደግሞ 31 በመቶ ይከፈልበታል፤ በድምሩ 917 ገደማ። ለቢቱአኽ ለኡሚና ለጤና መድን 12.17 በመቶ፣ ማለትም 453 ገደማ ይጨመራል። ከእጁ የሚጎድለው ወደ 1,370 ሼኬል ነው።

ሁሉም 3,720 ሼኬል ከኪሱ የወጣ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ግምቱ ግብር እንዲታሰብበት ላይ ይደመራል፤ በጥሬ ገንዘብ ስላልተከፈለ ደግሞ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይቀነሳል። ትሉሹን የሚመረምር ሰው ሁለቱን መስመሮች ይፈልግ። የተደመረው ካልተቀነሰ፣ ያልተቀበለው ገንዘብ ተከፍሎታል ማለት ስለሆነ ስህተት አለ።

አሠሪው ቤት ሲሰጥም መንገዱ ያው ነው፤ ግን እንደ መኪናው የተቆረጠ መቶኛ ስለሌለ፣ መነሻው ቤቱ ቢከራይ የሚያወጣው ዋጋ ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው መኪናው ምን ያህል እንደተነዳ አለመጠየቁ ነው። ወሩን ሙሉ ደጅ የቆመና በየቀኑ ከአሽዶድ ቴል አቪቭ የተመላለሰ እኩል ይታሰባሉ። ሠራተኛው ከራሱ ኪስ ማደያ የሚከፍለው ነዳጅም ግምቱን አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ለመኪናው ብሎ ለአሠሪው የሚከፍለው ነው። የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ መኪና ከሆነ በየዓመቱ የሚወሰን ቅናሽ አለው።

አንዳንድ አሠሪ «ግብሩን እኔ እከፍልልሃለሁ» ይላል፤ ይህ «ጊሉም» ይባላል። የተከፈለለት ግብርም ራሱ ገቢ ስለሚሆን እንደገና ግብር ይታሰብበታል፤ ይህን ተጨማሪ ማን እንደሚሸፍን በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ያ ካልተጻፈ፣ በየቀኑ ርቆ የሚነዳና ነዳጁ የሚሸፈንለት ሰው በ1,370 ሼኬል መኪናውን ቢቀበል ይጠቀማል። ሥራው በእግር በሚደረስበት ሠፈር የሚኖር ሠራተኛ ግን በመኪናው ምትክ የደመወዝ ጭማሪ ይጠይቅ።