ሕፃን ሞቶ ሲወለድ ነርሷ ለወላጆች የምትጽፈው ማስታወሻ

ወላጆች በድንጋጤ ውስጥ ሳሉ ከተነገራቸው ብዙውን አያስታውሱም። በአገራችን ቤተ ዘመድ አስከሬኑን ፈጥኖ ስለሚቀብር ልጃቸውን ሳያዩ የሚቀሩ እናቶችም አሉ። ስለዚህ ነርሷ በዓይኗ ያየችውን በአጭሩ ጽፋ ብትሰጣቸው ይጠቅማል። በ36ኛው ሳምንት ሞታ ለተወለደች ሴት ልጅ ማስታወሻው የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፦

«በልጃችሁ ሞት እጅግ አዝኛለሁ። ክብደቷ 2400 ግራም፣ ጸጉሯም ጥቁርና ብዙ ነበር። አጥቤ በነጭ ጨርቅ ጠቅልያታለሁ። የሞቷ ምክንያት ገና አልተረጋገጠም፤ ሐኪሙ የደረሰበትን ያስረዳችኋል። እናቷ ሆይ፣ በሚቀጥሉት ቀናት ጡትዎ ወተት ሊሞላ ይችላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ትኩሳት ከያዘዎት ወይም ደም ከበዛብዎት ግን ወዲያውኑ ይምጡ።»

ማስታወሻው «ፅንሱ» ሳይሆን «ልጃችሁ» ይላል፤ ወላጆች ያጡት ልጅ ነውና። ምክንያቱ ሳይረጋገጥ «ዘግይታችሁ መጥታችሁ ነው» ብሎ መጻፍ እናቲቱን ዕድሜ ልኳን ይወቅሳታል። «ሌላ ትወልጃለሽ» የሚለው ማጽናኛም ይህችኛዋን እንደ ዋዛ ያሳልፋታል። ስለ ወተቱ አስቀድሞ ያልተነገራት እናት ደግሞ በቤቷ ሳለች ጡቷ ሲሞላ ኀዘኗ ይታደሳል፤ የምትጠይቀውም ሰው አታገኝም። ማስታወሻው በዘመድ ሳይላክ ለራሷ በእጇ ይሰጣት፤ ማንበብ የማትችል ከሆነም ነርሷ ቀስ ብላ ታንብብላት።