ግፊቱ ወረደ፣ ሳሉ መጣ

አንዲት የ52 ዓመት እናት እንውሰድ። ጤና ጣቢያ ሲለኩ ግፊታቸው 160 በ100 ሆኖ ተገኘና ኢናላፕሪል ታዘዘላቸው። ኪኒኑ ሥራውን ሠርቷል፤ ከወር በኋላ ሲለኩ 130 በ80 ደርሰዋል። ችግሩ ሌላ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጉሮሯቸውን የሚኮረኩር ደረቅ ሳል ጀመራቸው። አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው፤ ብቻ ጋደም ሲሉ ይብስባቸዋል። ጉንፋን መስሏቸው ዝንጅብል በማር ጠጡ። አልሆነም። የሳል ሽሮፕ ገዙ፤ እሱም ጠብ አላለላቸውም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋልና አክታቸውን ሰጡ፤ ነጻ ናቸው ተባሉ። ሳሉ ግን አለ።

እኚህ እናት ምሳሌ ናቸው፤ ታሪካቸው ግን በብዙ ቤት ያለ ነው። ኢናላፕሪል፣ ካፕቶፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ራሚፕሪል፣ በአጠቃላይ ስማቸው በ«ፕሪል» የሚያልቅ የግፊት መድኃኒቶች ከሚወስዷቸው 100 ሰዎች ከ5 እስከ 20 የሚሆኑትን እንዲህ ያስላሉ። በ«ሳርታን» የሚያልቁት፣ ለምሳሌ ሎሳርታንና ቫልሳርታን፣ ያንኑ ግፊት ያወርዳሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን አያስሉም። ሁለቱም የሚዋጉት አንድ ሆርሞን ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከምን እንደሆነ ለማወቅ ኩላሊት ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ኩላሊት ወደ እሱ የሚደርሰው ደም ግፊቱ ሲቀንስ ወይም ሰውነት ጨው ሲያንሰው ሬኒን የተባለ ኢንዛይም ወደ ደም ይለቃል። ኢንዛይምን እንደ መቀስ ማሰብ ይቻላል። ሬኒን ጉበት ሠርቶ ደም ውስጥ የሚያሰማራውን አንጂዮቴንሲኖጅን የሚባል ረጅም ፕሮቲን ያገኝና ከጫፉ አጭር ቁራጭ ይቆርጣል። ቁራጩ የ10 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው፤ አንጂዮቴንሲን አንድ ይባላል፤ ብቻውን እዚህ ግባ የሚባል ሥራ የለውም። ከዚያ ሁለተኛው መቀስ ይመጣል። ይህ በደም ስሮች የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ በተለይም በሳንባ ውስጥ፣ በብዛት የሚገኝ ሲሆን ሐኪሞች «ኤስ» ይሉታል። ኤስ ከሰንሰለቱ ጭራ ሁለት አሚኖ አሲዶችን ቆርጦ ይጥላል፤ 8 ይቀራሉ። የቀረው አንጂዮቴንሲን ሁለት ነው፤ ኃይለኛው እሱ ነው።

አንጂዮቴንሲን ሁለት በደም ስር ጡንቻ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር እንደ ቁልፍና ቀዳዳ ይገጥማል። ሲገጥም ደም ስሩ ይኮማተራል፤ አድሬናል ዕጢም አልዶስቴሮን የተባለውን ሆርሞን ለቆ ኩላሊት ጨው እንዲይዝ ያደርጋል። በጠበበ ቧንቧ ውስጥ የበዛ ፈሳሽ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል።

እንግዲህ መድኃኒት ሠሪ ይህን ሰንሰለት ሲያይ የሚመታበት ቦታ ከአንድ በላይ ነው። ሬኒንን ራሱን ማሰር ይቻላል፤ አሊስኪረን የሚባለው መድኃኒት የሚሠራው እዚያ ነው። ወረድ ብሎ አልዶስቴሮንን መከልከል ይቻላል፤ ስፓይሮኖላክቶን ለዚህ ነው። በሰፊው ያገለገሉት ግን መካከለኛዎቹ ሁለት ቦታዎች ናቸው፤ «ፕሪል» ሁለተኛውን መቀስ ያስራል፣ «ሳርታን» ቀዳዳውን ይደፍናል። የሳሉ ጉዳይ የተደበቀው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

የፕሪሎቹ ታሪክ ከብራዚል እባብ ይጀምራል። በ1949 እ.ኤ.አ. ሞሪሲዮ ሮሻ ኢ ሲልቫና የሥራ ባልደረቦቹ ጃራራካ የተባለውን እፉኝት መርዝ ከደም ጋር ሲቀላቅሉ ደም ስርን የሚያዝናና አዲስ ነገር መፈጠሩን አዩ። ብራዲካይኒን ብለው ሰየሙት። በ1960ዎቹ ውስጥ ሰርዢዮ ፌሬራ የተባለ ሌላ ብራዚላዊ ከዚያው እፉኝት መርዝ አንድ ሌላ ነገር አወጣ፤ ይህ ደግሞ ብራዲካይኒን ቶሎ እንዳይፈርስ የሚጠብቅና ኃይሉን የሚያጎላ ነበር። ፌሬራ ግኝቱን ይዞ ለንደን ወደሚገኘው ወደ ጆን ቬን ቤተ ሙከራ ሄደ። እዚያ ሚክ ባክሌ የተባለ ተመራማሪ የመርዙን ቅምም በኤስ ላይ ሞከረው። ኤስ መቁረጥ አቆመ።

ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ስኩዊብ በተባለው ኩባንያ ውስጥ ሚጌል ኦንዴቲና ዴቪድ ኩሽማን ሥራውን ተረከቡ። ከመርዙ የተገኘው ቴፕሮታይድ ግፊት ያወርዳል፤ ነገር ግን ትንሽ ፕሮቲን ስለሆነ ቢዋጥ ሆድ ያፈጨዋል፤ በመርፌ ካልሆነ አይሰጥም። ሰዎቹ የኤስን አፍ ቅርጽ ገምተው በዚያ ልክ የሚሰነቀር፣ በአፍ የሚወሰድ ትንሽ ሞለኪውል ሠሩ። ካፕቶፕሪል ይባላል፤ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1981 ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነጥብ ልብ ይባል። መርዙ መጀመሪያ የታወቀው ግፊት በማውረዱ ሳይሆን ብራዲካይኒንን በማቆየቱ ነበር። ሁለቱ አንድ የሆኑበት ምክንያት መቀሱ አንድ በመሆኑ ነው። ብራዲካይኒን የ9 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው፤ ኤስ ከእሱም ጭራ ሁለት ይቆርጣል። አንጂዮቴንሲን አንድ ሁለቱ ሲቆረጡለት ኃይል ያገኛል፤ ብራዲካይኒን ሁለቱ ሲቆረጡበት ይሞታል። ያው መቀስ፣ ያው አቆራረጥ፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ። ስለዚህ አንድ ሰው ኢናላፕሪል ሲውጥ ደም ስር የሚያኮማትረው ሆርሞን ያንሳል፤ በዚያው ቅጽበት መፍረስ የነበረበት ብራዲካይኒን ሳይፈርስ ይቆያል። ኤስ በብዛት ያለው ደግሞ ሳንባ ውስጥ ነው።

ብራዲካይኒን ደም ስርን ስለሚያዝናና ግፊቱን ለማውረድ የራሱን እገዛ ያደርጋል፤ ይህ ጥሩ ጎኑ ነው። በአየር ቧንቧ ውስጥ ግን የሳል ነርቮችን ያነቃል። እነዚህ ነርቮች በጤናው ጊዜ ጭስ ወይም ትንታ ሲነካቸው ብቻ ሳል ያስነሳሉ። ብራዲካይኒን ሲከማችና ሌሎች አነቃቂ ነገሮችም ሲለቀቁ ነርቮቹ ስስ ይሆናሉ፤ ቀዝቃዛ አየር፣ ረጅም ወሬ፣ ጋደም ማለት ብቻ ይበቃቸዋል። ኤስ የሚያፈርሰው ሰብስታንስ ፒ የተባለ ሌላ የነርቭ መልእክተኛም አለ፤ እሱም አብሮ ይጠራቀማል። የሽሮፑ አለመሥራት ከዚህ ይመጣል። ሽሮፑ የሚያጠበው ጉሮሮን ነው፤ የተቀየረው ግን የነርቩ ስሜት ነው፤ ኪኒኑም በየማለዳው ይታደሳል።

ሳሉ ከመጠን ጋር አለመያያዙም ብዙዎችን ያሳስታል። ኪኒኑን ግማሽ እየሰበሩ መውሰድ ሳሉን አያስቀርም፤ ግፊቱን ግን መልሶ ይሰቅላል። የሚጀምርበትም ጊዜ አንድ አይደለም፤ አንዳንዱን በሰዓታት ውስጥ፣ አንዳንዱን ከወራት በኋላ ይይዘዋል። ስድስት ወር በሰላም የወሰደ ሰው «ይሄ ኪኒን አይደለም» ብሎ ሌላ ምክንያት መፈለጉ ስለዚህ የሚገርም አይደለም። ሴቶችን ከወንዶች ይልቅ ያጠቃል፤ በምሥራቅ እስያ ሰዎች ዘንድም ይበዛል።

ሎሳርታን ይህን ሁሉ ያልፈዋል። መቀሱን አይነካም። ኤስ እንደ ልማዱ ይቆርጣል፤ ብራዲካይኒንም በጊዜው ይፈርሳል። አንጂዮቴንሲን ሁለትም ይፈጠራል፤ እንዲያውም ኩላሊቱ ትእዛዙ አልተሰማም ብሎ ተጨማሪ ሬኒን ስለሚለቅ መጠኑ ይጨምራል። ነገር ግን ቁልፉ ቢበዛ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ ደም ስሩ አይኮማተርም።

ይህ በቃል ያማረ ማብራሪያ ብቻ እንዳይሆን የተፈተነበት መንገድ ራሱ መታወቅ አለበት። በ1994 የወጣ አንድ ጥናት ቀድሞ በፕሪል የሳሉ ሰዎችን ሰበሰበ። ሰዎቹ በዕጣ ተከፍለው አንዱ ክፍል ሊሲኖፕሪል፣ አንዱ ሎሳርታን፣ አንዱ ደግሞ ሽንት የሚያበዛውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወሰደ። ታካሚውም ሐኪሙም ማን የቱን እንደሚወስድ አላወቁም። ሊሲኖፕሪል ከወሰዱት 72 በመቶ የሚሆኑት ሳሉ። በሎሳርታን 29 በመቶ፣ በሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ 34 በመቶ።

29 በመቶ ብዙ ነው የሚል አንባቢ ትክክል ነው። ፍሬው ግን ሦስተኛው ቁጥር ላይ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከኤስም ከተቀባዩም ጋር ግንኙነት የለውም፤ እሱን የወሰዱትም ከሎሳርታኖቹ ባልተናነሰ ስለዋል። ሰው በጉንፋን ይስላል፣ በጭስ ይስላል፣ አንዴ በኪኒን የሳለ ሰው ደግሞ እንደገና እስላለሁ ብሎ ጉሮሮውን ያዳምጣል። «ሳርታን ብዙውን ጊዜ አያስልም» ሲባል ትርጉሙ ይህ ነው፤ የሚወስደው ሰው ሊስል ይችላል፣ ግን ሌላ ኪኒን ወስዶ ከሚስለው በላይ አይደለም።

ታዲያ ፕሪሎቹ ለምን አይቀሩም? ብዙው ሰው ስለማይስልባቸው፣ ርካሽ ስለሆኑና ልብን በመጠበቅ ስለተመሰከረላቸው። በ2008 የታተመው ኦንታርጌት የተሰኘ ጥናት ከ25,000 በላይ ሰዎችን ይዞ ራሚፕሪልን ከቴልሚሳርታን አወዳድሮ ነበር። ከባድ የልብና የአንጎል አደጋ በሁለቱም ቡድን እኩል ሊባል የሚችል ነበር፤ 16.5 እና 16.7 በመቶ። በሳል ምክንያት ያቋረጡት ግን በራሚፕሪል 4.2 በመቶ፣ በቴልሚሳርታን 1.1 በመቶ ነበሩ።

ሳሉ ያስለፋል እንጂ አይገድልም። ከዚያው ከብራዲካይኒን የሚመጣ ሌላ ጉዳት ግን ሊገድል ይችላል፤ የከንፈር፣ የምላስና የጉሮሮ ድንገተኛ እብጠት። ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ሲሆን በጥቁር ሕዝቦች ላይ ከነጮች ይበልጥ ይታያል። ፕሪል የሚወስድ ሰው ምላሱ ወይም ከንፈሩ ካበጠ ሳይውል ሳያድር፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ መድኃኒቱንም ዳግመኛ መንካት የለበትም።

ወደ እናታችን እንመለስ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ የኪኒኑን እሽግ ተመለከተና ኢናላፕሪሉን አስቁሞ በ50 ሚሊግራም ሎሳርታን ተካላቸው። በማግስቱ ሳሉ የለም ማለት አይደለም። የተቆጣው ነርቭ እስኪረጋጋ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል፤ አልፎ አልፎ እስከ ሦስት ወር ይዘልቃል። በሁለተኛው ቀን «ይሄም ያስላል» ብሎ መጣል ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። አራት ሳምንት አልፎ ምንም ካልቀነሰ፣ ወይም አክታ፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ከታከለበት ግን ምክንያቱ ኪኒኑ ላይሆን ይችላል፤ ምርመራው እንደገና ይጀመራል።

ሎሳርታን ለእርጉዝ ሴት አይሰጥም፤ በዚህ ከፕሪሎቹ አይለይም። የኩላሊት ሥራና የፖታሲየም መጠን በደም ምርመራ መታየታቸውም አይቀርም። በመሳቢያ ውስጥ የተረፈው የኢናላፕሪል እሽግ ደግሞ ግፊቱ ከፍ ባለ ቀን ተጨምሮ አይዋጥም፤ በኦንታርጌት ሁለቱን ዓይነት ባንድ ላይ የወሰዱት ሰዎች የተሻለ ጥቅም አላገኙም፣ የኩላሊት ችግር ግን በዝቶባቸዋል።